አንድ ደረሰኝ፣ ሁለት ፎቶ

አንድ የድርጅት ሾፌር መርካቶ ገብቶ የመኪና መለዋወጫ ገዛ እንበል። የዕቃው ዋጋ 18,400 ብር ነው፤ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 2,760 ብር ሲታከልበት ጠቅላላው 21,160 ብር ይመጣል። ሾፌሩ ደረሰኙን መኪናው ወንበር ላይ ዘርግቶ በስልኩ ፎቶ ያነሳና በቴሌግራም ለሒሳብ ክፍሉ ይልካል። ከኪሱ ያወጣው ገንዘብም ይመለስለታል። ከአምስት ሳምንት በኋላ ዋናው ወረቀት ከሌሎች ደረሰኞች ጋር በፖስታ ታሽጎ ቢሮ ይደርሳል። ሌላ ሠራተኛ አንድ በአንድ ስካን አድርጎ እንደ አዲስ ወጪ ይመዘግባቸዋል።

እዚህ ላይ ያጭበረበረ ሰው የለም፤ ሾፌሩም ሠራተኛውም የታዘዙትን ነው የሠሩት። ያም ሆኖ ለአንድ ግዢ 42,320 ብር ወጪ ተመዝግቧል። በተግባርም ብዙው ድግግሞሽ የሚፈጠረው እንዲህ ባለ መንገድ ነው። ሆን ብለው የሚያጭበረብሩትም ይህንኑ ክፍተት ነው የሚጠቀሙበት። ስለዚህ አንዱን የሚይዝ ዘዴ ሌላውንም ይይዛል።

ለሰው ዓይን ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አስቀምጦ አንድ ደረሰኝ መሆናቸውን ማየት ቀላል ነው። ችግሩ ጎን ለጎን የሚያስቀምጣቸው አለመኖሩ ነው። አንዱ መጋቢት ላይ፣ ሌላው ሚያዝያ ላይ፣ በሺህ በሚቆጠሩ ወረቀቶች መካከል ተቀብረዋል። 10,000 ደረሰኝ ያለው ቢሮ እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር ላስተያይ ቢል ወደ 50 ሚሊዮን ጥንዶች ይገጥሙታል። ይህ የኮምፒውተር ሥራ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ምን እንደሚያይ በደንብ ካልተነገረው ይሳሳታል።

የመጀመሪያውና ቀላሉ መንገድ የፋይል አሻራ ማውጣት ነው። በዚህ ዘዴ ከፋይሉ ይዘት አንድ ረጅም ቁጥር ይሰላል፤ ፋይሉ በአንዲት ነጥብ እንኳ ከተለወጠ ቁጥሩ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ያው ፎቶ ሳይነካ ሁለት ጊዜ ከተላከ ወዲያው ይያዛል። ቴሌግራም ግን ፎቶ ሲያስተላልፍ ጨምቆ መጠኑን ይቀንሰዋል፤ ስለዚህ ያው ፎቶ አንዴ በኢሜይል፣ አንዴ በቴሌግራም ቢመጣ አሻራው አይገጥምም። የሾፌሩ ፎቶና የቢሮው ስካን ደግሞ ከመጀመሪያውም ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው።

ሁለተኛው መንገድ የምስል አሻራ ነው። በስፋት ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ ምስሉን ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጦ 9 በ8 ነጥብ እስኪሆን ድረስ ያሳንሰዋል። ከዚያ እያንዳንዱ ነጥብ በቀኙ ካለው ነጥብ ይደምቃል ወይስ አይደምቅም ብሎ ይጠይቃል፤ 64 መልስም ያገኛል። ሁለት ምስሎች የሚለያዩባቸው መልሶች ጥቂት ከሆኑ ምስሎቹ አንድ ናቸው ተብሎ ይገመታል። ለመልክዓ ምድር ወይም ለሰው ፎቶ ዘዴው ጥሩ ይሠራል።

ለደረሰኝ ግን በሁለቱም በኩል ያሳስታል። አንደኛ፣ የሾፌሩ ፎቶ ጎንደል ብሎ የተነሳ፣ የወንበሩ ጨርቅ በዙሪያው የሚታይ፣ የእጁ ጥላ የወደቀበት ነው፤ ስካኑ ደግሞ ቀጥ ያለና ነጭ ዳራ ያለው። ወረቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ አሻራዎቹ ይራራቃሉ። ሁለተኛውና የከፋው ደግሞ ከአንድ ሱቅ በአንድ መሣሪያ የወጡ ሁለት የተለያዩ ደረሰኞች፣ በአንድ ስካነር ካለፉ፣ አሻራቸው ሊገጥም መቻሉ ነው። አንድ ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች ከሩቅ ሲታዩ እንደሚመሳሰሉት ማለት ነው። 9 በ8 ነጥብ ላይ ፊደል አይታይም፤ የሚታየው የወረቀቱ ቅርጽ ብቻ ነው። በዚህ ዘዴ ብቻ የሚተማመን ቢሮ የተደገመውን ያሳልፋል፣ ትክክለኛውን ይመልሳል።

ስለዚህ መልኩን ትቶ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ላይ ሦስት ቁጥሮች አሉ፤ ተደምረው ደረሰኙን ከሌላ ከማንኛውም ደረሰኝ ይለዩታል። የሻጩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የመሣሪያው ቁጥር እና ለእያንዳንዱ ሽያጭ በተራ የሚሰጠው የኤፍ ኤስ ቁጥር ናቸው። ብዙ ሒሳብ ክፍሎች የሚመዘግቡት የኤፍ ኤስ ቁጥሩን ብቻ ነው። ይህ አይበቃም። ሁለት መሣሪያ ያለው ሱቅ በሁለቱም ላይ 00004817 የሚል ሽያጭ ሊኖረው ይችላል፤ ሁለቱም እውነተኛ ናቸው።

ሦስቱ ቁጥሮች በትክክል ቢነበቡ ጉዳዩ እዚህ ያበቃ ነበር። ጽሑፍ ከምስል የሚያነበው ፕሮግራም ግን ይሳሳታል፤ በተለይ የደረሰኝ ወረቀት በሙቀት የሚታተም በመሆኑ በፀሐይና በጊዜ ብዛት ስለሚደበዝዝ። እንበል የሾፌሩ ፎቶ 00004817 ተብሎ ተነበበ፤ ከአምስት ሳምንት በኋላ የ7ቱ አግዳሚ ደብዝዞ ስካኑ 00004811 ተብሎ ተነበበ። ቁጥሮቹ ፍጹም ይግጠሙ የሚል ሥርዓት ሁለቱን የተለያዩ ደረሰኞች አድርጎ ያሳልፋቸዋል።

በአንድ አሃዝ የሚለያዩትን ሁሉ አንድ ናቸው ማለትም አይቻልም። 00004817 እና 00004818 ተከታትለው የገዙ የሁለት ደንበኞች ደረሰኞች ሊሆኑ ይችላሉ። እዚህ ላይ የሚያስታርቀው ሰዓቱ ነው። የሾፌሩ ደረሰኝ 12/03/2024፣ 10:42 ይላል። ስካኑም ያንኑ ቀን፣ ያንኑ ሰዓትና ያንኑ 21,160 ብር የሚያሳይ ከሆነ፣ የተለየው 7 እና 1 ብቻ ነው። እነዚህ ደግሞ ፕሮግራሙ በተደጋጋሚ የሚያምታታቸው አሃዞች ናቸው። በቁጥራቸው ተራ ስድስት ሽያጭ የሚራራቁ ደረሰኞች በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ በአንድ ዋጋ፣ ከአንድ መሣሪያ ወጡ ማለት አያሳምንም። በአንጻሩ የቀጣዩ ደንበኛ ደረሰኝ 10:45 የሚልና ሌላ ድምር ያለው ቢሆን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ሒሳቡ ራሱም ይመሰክራል። ፕሮግራሙ የዕቃውን ዋጋ 13,400 ብሎ ቢያነበው 15 በመቶው 2,010 ብር መሆን ነበረበት፤ ደረሰኙ ላይ ያለው ግን 2,760 ነው። ስህተቱ የት እንዳለ ያለ ሰው እርዳታ ይታወቃል፤ 2,760 የሚመጣው ከ18,400 ብቻ ነው።

ቁጥሮቹ ጥርጣሬ ካስነሱ በኋላ ወደ ምስሉ መመለስ ይገባል፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ብዙ ትኩረት የሚገባው ክፍልም ይህ ነው። ሁለቱ ምስሎች በተለያየ አቅጣጫ ስለተነሱ መጀመሪያ አንዱን በሌላው ላይ ማልበስ ያስፈልጋል። ካናዳዊው ዴቪድ ሎው በ1999 ባቀረበው ዘዴ ኮምፒውተሩ በምስሉ ውስጥ በቀላሉ የሚለዩ ነጥቦችን ይመርጣል፤ የፊደል ማዕዘን፣ የማህተም ጠርዝ፣ የመስመር መገናኛ። ምስሉ ቢዞር ወይም ቢያንስ እነዚህን ነጥቦች መልሶ ያገኛቸዋል። ዝርግ ወረቀት ከሆነ አራት ተዛማጅ ነጥቦች ብቻ አንዱን ምስል ወደ ሌላው አቀማመጥ ለማዞር ይበቃሉ።

ከተገኙት ጥንዶች ብዙዎቹ ግን ሐሰተኛ ናቸው፤ በደረሰኝ ላይ 0 የሚለው አሃዝ ብዙ ቦታ ስላለ አንዱ 0 ከሌላው ጋር ይምታታል። ማርቲን ፊሽለርና ሮበርት ቦልስ በ1981 ያወጡት ዘዴ ይህን ይፈታል። በዘፈቀደ አራት ጥንድ ይወስዳል፣ ምስሉን በእነሱ ያዞራል፣ ስንት ሌሎች ጥንዶች እንደተስማሙ ይቆጥራል፤ ይህን ደጋግሞ ብዙ ድጋፍ ያገኘውን ይይዛል።

ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ምስሎች በደንብ ስለተላበሱ ብቻ አንድ ናቸው ብለው ይደመድማሉ። የአንድ ሱቅ ሁለት ደረሰኞች የሱቁ ስም፣ አድራሻውና የመሣሪያው ፊደል ስለሚገጥም ጥሩ አድርገው ይላበሳሉ። ማስረጃው ያለው መሣሪያው ባላተመው ነገር ላይ ነው፤ ክቡ ማህተም በየትኛው ፊደል ላይ እንዳረፈና ምን ያህል እንደተጣመመ፣ ፊርማው የት እንደጀመረ፣ የገንዘብ ያዡ የእስክሪብቶ ምልክት፣ የታጠፈበት መስመር፣ የስቴፕለር ቀዳዳ። ማህተም በእጅ የሚመታ ነገር ስለሆነ በሁለት ወረቀት ላይ በአንድ ቦታና በአንድ አቅጣጫ አያርፍም።

ይኸው ዘዴ የተነካካን ደረሰኝ ያጋልጣል። አንድ ሰው የድሮ ፎቶ ወስዶ ቀኑንና የኤፍ ኤስ ቁጥሩን በስልኩ ቢለውጥ የቁጥሮቹ ንጽጽር አዲስ ደረሰኝ ነው ይላል። ምስሎቹ ሲላበሱ ግን ማህተሙ፣ ፊርማውና እጥፋቱ ሁሉ ይገጥማሉ፤ የማይገጥሙት ሁለት ትንንሽ ቦታዎች ብቻ ይሆናሉ። እነሱም በትክክል ቀኑና ቁጥሩ ያሉባቸው ናቸው። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ አይገኝም። ስለዚህ የቁጥር ንጽጽር ያለፈውንም ቢሆን፣ ቢያንስ ከአንድ ሻጭ የመጡትንና ድምራቸው አንድ የሆነውን፣ በምስል ማስተያየት ይገባል።

ገደብም አለው። ኪስ ውስጥ ተጨማድዶ የከረመ ወረቀት ዝርግ ስላልሆነ በአራት ነጥብ አይላበስም፤ በቁራጭ በቁራጭ መታየት አለበት። ከጥራዝ የሚቀደድ የእጅ ደረሰኝ በካርቦን የወጣ ቅጂ ስላለው ቁጥሩም ጽሑፉም አንድ ሆኖ ወረቀቱ ሁለት ነው፤ ማህተሙ ስላልገጠመ የተለየ ግዢ ነው ማለት አይቻልም። የእጅ ደረሰኝ ቀንም ያሳስታል። አንዱ መዝጋቢ ወረቀቱ ላይ እንዳለ 12/03/2016 ብሎ ሲያስገባ፣ ሌላው ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መልሶ 22/11/2023 ይላል፤ ሁለቱም ኅዳር 12 ቀን ነው። ከመነጻጸራቸው በፊት ወደ አንድ አቆጣጠር መምጣት አለባቸው።

ተደግሞ የመጣ ሁሉ ስህተት አለመሆኑም መረሳት የለበትም። ቀብድና ቀሪ ክፍያ በአንድ ኢንቮይስ ሁለት ጊዜ ሊጠየቅ ይችላል። የቢሮ ኪራይም በየወሩ በአንድ መጠን ይከፈላል። በዚህ ምክንያት ኮምፒውተሩ ክፍያውን ራሱ መሰረዝ የለበትም፤ ሁለቱን ምስሎች አላብሶ፣ የተለየውን ቦታ አቅልሞ ለሒሳብ ሹሙ ያቅርብ፣ ውሳኔው የእሱ ይሁን። ሾፌሩን «ሁለት ጊዜ በልተሃል» ብሎ ከመጠየቅ በፊትም ስካኑን ማን እንዳስገባው ይታይ።

ይህን ሁሉ ለመጀመር ፕሮግራም እስኪገዛ መጠበቅ አያስፈልግም። ደረሰኝ የምትልኩ ወረቀቱን ዘርግታችሁ፣ ከራስጌው እስከ ግርጌው የመሣሪያው ቁጥር ድረስ ሙሉውን አንሱት፤ ሳይደበዝዝም በዚያው ቀን። የምትመዘግቡ ደግሞ ከኤፍ ኤስ ቁጥሩ ጎን ለሻጩ መለያ ቁጥር፣ ለመሣሪያው ቁጥርና ለሰዓቱ አንዳንድ ዓምድ ጨምሩ። የሾፌሩ 21,160 ብር በነዚህ ዓምዶች በተራ ኤክሴል ሰንጠረዥ እንኳ ይያዝ ነበር።