ከጭንቅላት የበቀለው ምሰሶ

ተመራቂዋ ጋውኗን ለብሳ፣ ፀጉሯን አጎፍራ ፈገግ ብላለች። ከአናቷ ላይ ግን የመብራት ምሰሶ ቀጥ ብሎ ወጥቷል። ካሜራ ሩቁንና ቅርቡን አንድ ላይ ስለሚያጣብቅ፣ ከኋላዋ ርቆ የቆመው እንጨት ከራሷ የበቀለ ይመስላል። ፎቶ አንሺው አንድ እርምጃ ወደ ጎን ቢል ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። አሁን ግን ሥራው የፎቶሾፕ ነው።

ምሰሶውን ማጥፋት ቀላል ነው፤ የሚከብደው ከጀርባው የነበረውን መመለስ ነው። እዚህ ፎቶ ላይ ምሰሶው ሰማዩንና የአንድ ቤት የቆርቆሮ ክዳን ጠርዝ ያቋርጣል። ዓይናችን በሰማዩ ላይ ያለ ትንሽ የቀለም ልዩነት ያልፋል፤ የክዳኑ ጠርዝ በጥቂቱ ከተሰበረ ግን ወዲያው ይይዘዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሠራው መስመሩ ነው።

ዋናው ፎቶ እንዳይነካ ባዶ ሌየር ይከፈታል። Clone Stamp ተመርጦ Sample የሚለው Current & Below ላይ ይደረጋል። ከዚያ Alt ተይዞ፣ ከምሰሶው ግራ ልክ የክዳኑ ጠርዝ ላይ ይጫናል፤ ብሩሹም ምሰሶው ጋ ሲደርስ እዚያው ጠርዝ ላይ ይውላል። ክዳኑ ያዘመመ ከሆነ የግራው መስመር ከቀኙ ጋር ላይገጥም ይችላል። ያን ጊዜ የጠርዙን ቁራጭ በ Ctrl+J ቀድቶ፣ በ Ctrl+T ትንሽ እያዞሩ ሁለቱን ጫፎች ማገናኘት ይሻላል።

ሰማዩ የሚሞላው ከዚያ በኋላ ነው። ሰማይ ወደ አድማስ ሲወርድ ስለሚነጣ፣ ናሙናው ከዚያው ከፍታ ከጎን ይወሰዳል እንጂ ከላይ አይወሰድም።

ብዙዎች የሚረሱት ሽቦውን ነው። የመብራት ሽቦ ከምሰሶው ግራና ቀኝ ረግቦ ይወርዳል። ምሰሶው ሄዶ ሽቦው ከቀረ፣ ያለምንም ድጋፍ አየር ላይ ሹል ሆኖ ይቆማል። ሁለቱን ጫፎች ማገናኘትም አያዋጣም፤ ሽቦውን ከነጭራሹ ማጥፋት ነው።

ፀጉሩ ጋ ሲደረስ Healing Brush ይቀመጥ። የፀጉሩን ጥቁረት ወደ ሰማዩ ጎትቶ ጭስ የመሰለ ነገር ይተዋል። Clone Stamp ደግሞ ጎፈሬውን በመላጫ የተቆረጠ ያስመስለዋል። እኔ የምመርጠው ከአናቷ ሌላ ቦታ፣ ጀርባው ንጹሕ ሰማይ ከሆነበት፣ የፀጉሩን ዳር ከነሰማዩ ቀድቶ መለጠፍን ነው።

ሥራው ሲያልቅ ፎቶውን በ Flip Horizontal ገልብጡት። የለመደው ዓይን ያለፈው የተሰበረ ጠርዝ ወይም መንታ ደመና ያኔ ይታያል።

ምሰሶው የቤቱን ማዕዘን ሙሉ በሙሉ ከጋረደው ግን ከፎቶው ውስጥ የሚቀዳ ነገር የለም፤ የሚሞላው በግምት ነው። ስለዚህ ፎቶ የምታነሱ ሁሉ፣ ተመራቂዋ ዞር ካለች በኋላ ትንሽ ወደ ጎን ብላችሁ የቦታውን ባዶ ፎቶ አንድ ጊዜ አንሱ።