ዕጣኑ ይሽተት፣ ጢሱ ይቅር

የገና ዕለት ረፋዱ ላይ ብዙ ቤት ውስጥ የሚሆነው ተመሳሳይ ነው። ቄጠማው ይጎዘጎዛል፣ የዶሮው ወጥ ከእሳት ይወርዳል፣ ረከቦቱ ይቀርባል። ከዚያ ማጨሻው ላይ ፍም ይደረግና አንድ እፍኝ ዕጣን ይበተንበታል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሳሎኑ በነጭ ጉም ይሸፈናል፤ ሕፃናቱ ዓይናቸውን ያሻሉ፣ አንድ ሰው ተነሥቶ መስኮት ይከፍታል። እኛ ቤት መጀመሪያ የምትወጣው አክስቴ ነበረች። አስም አለባት። በየበዓሉ በረንዳ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ቡናዋን ስትጠጣ አያታለሁ። ዕጣን ትወዳለች፤ የማትችለው ጢሱን ነው።

ለእሷ ስል ነገሩን መከታተል ጀመርሁ፤ ብዙም ሳይቆይ ዕጣን እንዲሸት መቃጠል እንደሌለበት ተረዳሁ። መሞቅ ብቻ ይበቃዋል።

ምክንያቱ ያለው በራሱ በዕጣኑ ውስጥ ነው። በሰሜንና በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ደረቅ ቆላ፣ ከትግራይ እስከ መተማ ባለው አገር፣ የሚበቅለው የዕጣን ዛፍ በሳይንሳዊ ስሙ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ይባላል። በበጋ ቅርፊቱ በጥቂቱ ሲፋቅ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ያነባል፤ ፈሳሹ ዛፉ ላይ እንዳለ ይደርቅና ይለቀማል። ይህች የደረቀች እንባ ሦስት ነገር ይዛለች። አንደኛው በቀላሉ የሚተን መዓዛማ ዘይት ነው። ሁለተኛው በውሃ የማይሟሟ፣ ሲሞቅ የሚለሰልስ ሙጫ ነው። ሦስተኛው እንደ ግራር ሙጫ በውሃ የሚሟሟ ነው። የምንወደው ሽታ በአብዛኛው የሚመጣው ከመጀመሪያው፣ ከዘይቱ ነው። ዘይቱ ደግሞ ለመትነን ብዙ ሙቀት አይፈልግም።

ቀልቶ የሚታይ ፍም ግን ከ500 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ዕጣኑን በቀጥታ እዚያ ላይ ስንጥለው ዘይቱ በአንድ ጊዜ ይበንንና ሙጫው ማረር ይጀምራል። ዓይን የሚያቃጥለውና ጉሮሮ የሚከረክረው ነጭ ጢስ ያኔ ይመጣል። መዓዛው በሁለት ደቂቃ ያልቃል፤ የቀረውን ግማሽ ሰዓት የምናሸተው ያረረ ሙጫ ነው። ዕጣን በጨመርን ቁጥር ቤቱ ይበልጥ መዓዛ የሚያገኝ ይመስለናል እንጂ የምንጨምረው ምሬት ነው።

መፍትሔው በፍሙና በዕጣኑ መካከል አመድ ማስገባት ነው። ከሰሉን በረንዳ ላይ አቀጣጥሉ፤ ጥቁር ቦታ እስኪጠፋና ላዩ ነጭ አመድ እስኪለብስ ድረስም ወደ ቤት አታስገቡት። ጥሬ ከሰል ራሱ ይጨሳል፤ ብዙ ጊዜ ዕጣኑ ላይ የሚሳበበው ጢስ የእሱ ነው። ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ፍም ማጨሻው ውስጥ አድርጉና ግማሽ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው የተነፋ አመድ አልብሱት። አመዱ ላይ የቆርቆሮ ክዳን ወይም ሁለት ሦስት ጊዜ የታጠፈ ፎይል አስቀምጡ። ዕጣኑ የሚቀመጠው እዚህ ላይ ነው።

ሙቀቱ ልክ መሆኑን የሚነግራችሁ ዕጣኑ ራሱ ነው። የሽምብራ ፍሬ የምታህል አንዲት ፍሬ አስቀምጡና እስከ ሠላሳ ቁጠሩ። ወዲያው ከጨሰች አመዱ ሳስቷልና ጨምሩበት። ምንም ሳትሸት ከቆየች አመዱ በዝቷል፤ በጥቂቱ ጥረጉት። ሙቀቱ ትክክል ሲሆን ፍሬዋ ቀስ ብላ ታብጣለች፣ ላይዋ ያብለጨልጫል፣ መዓዛዋ ከክር ከማይወፍር ጢስ ጋር ወይም ያለ አንዳች ጢስ ይመጣል። አንዷ ፍሬ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ትሸታለች። ሽታዋ ወደ ምሬት ሲዞር ዘይቷ አልቋል ማለት ነው፤ በመቆንጠጫ አንሥታችሁ ጣሏትና ሌላ ተኩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ያለቀችውን ሳያነሣ አዲስ ይጨምርባታል።

ገበያ ላይም መጠንቀቅ ያሻል። ጥሩ ዕጣን ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ነው፣ ብርሃን በከፊል ያሳልፋል፣ በጥርስ ሲሰበር ይደቅና ሲታኘክ እንደ ማስቲካ ይለሰልሳል። የዛፍ ቅርፊት የተጣበቀበትን ዕጣን ብትገዙ አይከፋም፤ ቅርፊቱን ግን ልቀሙት፤ እሱ እንጨት ነውና ምንጊዜም ይጨሳል። ዱቄት የሆነ ዕጣን ሙቀቱ በአንዴ ያገኘዋልና ቶሎ ያርራል፤ እንግዳ ለሚገባበት ቤት አልመክረውም። ቀለም የገባበትንና ሽቶ የተረጨበትን ተዉት። ከርቤ ጨምሩ የሚል አለ፤ መዓዛው ከባድ ነውና ለአምስት ፍሬ ዕጣን አንዲት የምስር ፍሬ የምታህል ይበቃል።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። ይህ ሁሉ ተደርጎም ፍም ያው ፍም ነው። ከሰል ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ በአመድ መሸፈኑም ያንን አያስቀረውም። በበዓል ማግሥት ዕጣኑ ራሴን አሳመመኝ የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ ከሰሉን ጠርጥሩ። ማጨሻ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይቀመጥም፣ ሰው በሚተኛበትም ፈጽሞ አያድርም። መስኮት አንድ መዳፍ ያህል ክፍት ይሁን። መዓዛ ራሱ ሕመሙን የሚያስነሣባቸው አስመኞች ስላሉ እንግዳችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ወገኖቻችን የለመዱት በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማጨሻ ከሰሉን ስለሚያስቀር የጢስ መጠቆሚያ ደወል ላለበት አፓርታማ ይሻላል፤ ሙቀቱ መቀነስ የሚችለውን ምረጡ።

አክስቴ በረንዳውን የተወችው ግን በአመዱ ምክንያት ብቻ አይደለም። በውሃ የሚቀቀል ቅመምም ረድቷታል። የዕጣን ዘይት የሚያመርቱ ሰዎች ዘይቱን የሚያወጡት በእንፋሎት ነው፤ ያንኑ ነገር በትንሹ ምድጃ ላይ ማድረግ ይቻላል። ባለፈው ገና ያደረግሁት እንዲህ ነው።

ከቅዳሴ ተመልሰን ጾሙ ከተፈታ በኋላ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ አሮጌ ድስት በሁለት ሊትር ውሃ ጣድሁ። ሁለት እንጨት ቀረፋ፣ ስምንት ቅርንፉድ፣ ሦስት ልጡ ተሰንጥቆ ፍሬው በጥቂቱ የተከካ ኮረሪማና የአንድ ብርቱካን ልጣጭ ጨመርሁ። ልጣጩ የውስጡ ነጭ እንዳይበዛበት በስሱ የተላጠ ነው። ውሃው ሲፈላ እሳቱን በተቻለ መጠን ቀንሼ ክዳኑን ገርበብ አደረግሁ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ብዙ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ውሃ እስካለ ድረስ ቅመሙ ከዚያ አልፎ ስለማይሞቅ ሊያርር አይችልም፣ ጢስም የለውም። ሳሎኑ ዐሥራ ስድስት ካሬ ሜትር ያህል ነው። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሽታው ከኮሪደሩ አልፎ በር ላይ ደረሰ።

ሁለት ስሕተት ሠርቼ ነው የተማርሁት። መጀመሪያ በሞከርሁበት ጊዜ ቅርንፉዱን አንድ ማንኪያ ሙሉ አድርጌ ቤቱ የጥርስ ሐኪም ክፍል ሸተተ፤ ቅርንፉድ ውስጥ ያለው ዘይት የጥርስ ሐኪሞች ከሚጠቀሙበት ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ ከዐሥር ፍሬ በላይ አያስፈልግም። ሁለተኛው የባሰ ነበር፤ በወሬ ተጠምጄ ውሃው አለቀና ድስቱ አረረ። ያን ቀን ያስወጣን ጢስ ማጨሻው ካወጣው ይበልጥ ነበር። አሁን በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ኩባያ ሙቅ ውሃ እጨምራለሁ። ዕጣን ራሱንም ሁለት ሦስት ፍሬ ከዚሁ ውሃ ጋር መቀቀል ይቻላል፤ ሙጫው ድስቱ ግድግዳ ላይ ይጣበቃልና ለምግብ የማትመልሱት ድስት ይሁን።

እንግዶቹ ስድስት ሰዓት ላይ ገቡ። ያን ጊዜ የቅመሙን ድስት አወረድሁ። ወጡ፣ ቡናው፣ ዕጣኑና ቅመሙ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚሸተው ነገር አይለይም፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ያብቃ። ቡናው ሲቆላ እሱም ይጨሳልና ምድጃው መስኮት አጠገብ ነበር። ዕጣኑ የቀረበው ቆይቶ፣ አቦሉ ሲቀዳ ነው፤ ሦስት ፍሬ፣ አንድ በአንድ።

ሙዚቃው ከእንግዳው በፊት ተከፍቶ ነበር። በገናን እጅግ ብወድም ለዚህ ቀን አልመረጥሁትም፤ በገና ይበልጥ የሚደመጠው በዐቢይ ጾም ነው፣ ጾሙ ተፈቶ ሳቅ በሞላበት ማዕድ ላይ ቦታውን አያገኝም። ቃል ያለው ዘፈንም ከጨዋታው ጋር ይሻማል። የዋሽንትና የክራር ቅንብር ይስማማል። ከሁሉ የምመርጠው ግን በ1923 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወልደው በ2023 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም ያረፉትን የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ነው። ረጋ ብሎ ይሄዳል፣ ከሀገርኛው ቅኝት አይርቅም፣ ንግግርንም አያቋርጥም። ድምፅ ማጉያው ሰው ካልተቀመጠበት ጥግ ወደ ግድግዳ ዞሮ ይቀመጥ። መለኪያው ቀላል ነው፦ ከክፍሉ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው በተለመደ ድምፁ ሲናገር ያለ ጥረት ከሰማችሁት ልክ ነው፤ አንድ ሰው እንኳ ድምፁን ከፍ ካደረገ ቀንሱ።

አክስቴ ያን ቀን በረንዳ አልወጣችም። ሦስተኛውን ቡና ሳሎን ውስጥ ጠጥታ ዐሥር ሰዓት ላይ ሄደች። የሚቀጥለውን በዓል የምታስቡ ሁሉ ዕጣኑን ከዋዜማው ቀድማችሁ ግዙ፤ ቅርፊቱን ለቅሞ ለመጨረስ አንድ ሙሉ ምሽት ይፈጃል።