የዕድሩ ጥሪ ለምን ስፓም ውስጥ ገባ?

በሜሪላንድ ያለ አንድ የኢትዮጵያውያን ዕድር ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤውን ሊጠራ ነው እንበል። ጸሐፊው ያማረ ፖስተር አሠርቷል። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ አዳራሹና አጀንዳው ሁሉ በአማርኛ ምስሉ ላይ ሰፍሯል። ፖስተሩን ኢሜይሉ ውስጥ ለጠፈው፤ ከሥሩ የመመዝገቢያውን አጭር ሊንክ፣ የካርታውን፣ የፌስቡኩን፣ የቴሌግራሙንና የዩቲዩቡን ሊንክ ደረደረ። የሒሳብ ሪፖርቱን ደግሞ የአባላት ስም ስላለበት በይለፍ ቃል ቆልፎ በዚፕ ፋይል አያያዘው። የጉባኤው ቀን ሲደርስ ብዙ አባላት “እኔ ምንም አልደረሰኝም” አሉ። ሲፈለግ ኢሜይሉ ስፓም ውስጥ ተገኘ።

ጸሐፊው ያደረገው ሁሉ በቅንነት ነው። ማጣሪያው ግን የሰውን ሐሳብ አያይም፤ የሚያየው የመጣለትን ጽሑፍና የላኪውን ማንነት ነው። ምስል፣ ሊንክና የተያያዘ ፋይል የሚጋሩት ባሕርይ አላቸው፦ የመልእክቱን ዋና ነገር ከጽሑፉ ውጭ ያስቀምጡታል። አጭበርባሪዎችም ለዓመታት የተደበቁት እነዚሁ ሦስት ቦታዎች ውስጥ ነው።

ከምስሉ እንጀምር። በ2002 ፖል ግራሃም የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ ማጣሪያዎች ከቃላት እንዲማሩ የሚያደርግ ዘዴ በጽሑፍ አቀረበ። ማጣሪያው በስፓምና በደህና ደብዳቤ ውስጥ እያንዳንዱ ቃል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ይቆጥራል፤ ከዚያ አዲሱ ደብዳቤ ወደየትኛው እንደሚያደላ ያሰላል። ዘዴው በሚገባ ሠራ። አጭበርባሪዎች ታዲያ ቃላቱን ከደብዳቤው አውጥተው ምስል ላይ ጻፏቸው። በተለይ በ2006 “ይህን አክሲዮን ግዙ” የሚሉ ምስሎች የሰዉን የኢሜይል ሳጥን አጥለቀለቁት። ማጣሪያው ምስሉን ለይቶ እንዳያውቀውም በየቅጂው ላይ ጥቃቅን ነጠብጣቦችን ይበትኑ ነበር። ከዚያ ወዲህ ትልቅ ምስል ይዞ ጥቂት ጽሑፍ ያለው ኢሜይል በጥርጣሬ ይታያል። ስፓምአሳሲን የተባለው ነፃ ማጣሪያ ደንቦቹን በግልጽ ስለሚያወጣ ይህን ማየት ይቻላል። ከደንቦቹ አንዱ `HTML_IMAGE_ONLY_08` ይባላል፤ ምስል ይዞ ከ400 እስከ 800 ባይት ብቻ ጽሑፍ ያለውን ደብዳቤ ይመለከታል።

ይህ ነገር እኛን በተለየ ሁኔታ ይነካናል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፎንት የራሱ ኮድ ስለነበረው በአንዱ የተጻፈ በሌላው ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይወጣ ነበር። ስለዚህ አማርኛን በምስል መላክ ብልህነት ነበር። ዛሬ ግን ችግሩ ተወግዷል፤ ስልኩም ኮምፒውተሩም አማርኛውን በቀጥታ ያነባል። ልማዱ ግን አልቀረም፤ የዕድሩን ጥሪ ከጎዱት ነገሮች አንዱም እሱ ነው።

ወደ ሊንኩ ስንመጣ ብዛቱ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ማጣሪያው ደብዳቤው ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን የድረ ገጽ አድራሻ አውጥቶ በማጭበርበር ከተመዘገቡ አድራሻዎች ዝርዝር ጋር ያመሳክራል። ከ2004 ጀምሮ የሚሠራው ሰርብል ለዚህ የተዘጋጀ ዝርዝር ነው። ሰባት ሊንክ ካለ ሰባቱም ይመረመራሉ፤ አንዱ መጥፎ ስም ካለው ደብዳቤው በሙሉ ይጠረጠራል። አጭር ሊንክ ደግሞ መድረሻውን ይሸፍናል፤ አገልግሎቱን አጭበርባሪዎችም ስለሚጠቀሙበት ስሙን ከእነሱ ጋር ይጋራል። ከሁሉ የከፋው ግን የሚታየውና የሚከፈተው አድራሻ ሲለያዩ ነው፦

```
<a href="https://track.example/x1">www.edir.example</a>
```

አንባቢው የዕድሩን ስም ያያል፤ ሲጫነው ሌላ ቦታ ይሄዳል። የባንክ ደንበኞችን የሚያታልሉ ሰዎች የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። አንዳንድ የጅምላ ኢሜይል አገልግሎቶች ስንት ሰው ሊንኩን እንደተጫነ ለመቁጠር ሲሉ አድራሻውን ስለሚለውጡት፣ ንጹሕ ላኪም ሳያውቀው እዚህ ውስጥ ይገባል።

የተያያዘ ፋይል ታሪኩ የከበደ ነው። በግንቦት 2000 ከፊሊፒንስ የተነሣው “አይ ላቭ ዩ” የተሰኘ ቫይረስ `LOVE-LETTER-FOR-YOU.TXT.vbs` በሚባል ፋይል ተሰራጨ። ዊንዶውስ የመጨረሻውን ቅጥያ ስለሚደብቅ ሰው ያየው ተራ የጽሑፍ ፋይል ነበር። የከፈተው ሰው አድራሻ መዝገብ ውስጥ ላሉት ሁሉ ራሱን ስለሚልክም ከወዳጅ የመጣ ፋይል ሁሉ ደህና ነው ማለት እንደማይቻል አሳየ። በ2004 ደግሞ ቤግል የተባለው ትል ራሱን በተቆለፈ ዚፕ ውስጥ አድርጎ የይለፍ ቃሉን ደብዳቤው ላይ ጽፎ መጣ። በር ላይ ያለ ፈታሽ የተቆለፈን ቦርሳ ከፍቶ ማየት እንደማይችል፣ ማጣሪያውም የተቆለፈን ዚፕ መመርመር አይችልም። የአባላትን ምስጢር ለመጠበቅ የተቆለፈው የዕድሩ ሪፖርትም የታየው በዚህ ዓይን ነው።

የፋይል ክብደት ግን ብዙ ጊዜ ከስፓም ጋር ይምታታል። በኢሜይል የሚሄድ ፋይል በመንገዱ ላይ ወደ ጽሑፍ ስለሚቀየር በሲሶ ያህል ይጨምራል፤ 21 ሜጋባይት የነበረው 28 ይሆናል። የተቀባዩን ጣሪያ ካለፈ ተመላሽ ይሆናል፤ ላኪውም መልእክት ይደርሰዋል። ስፓም ውስጥ ሲገባ ግን ለላኪው የሚነግረው የለም።

አንዱ ምልክት ብቻውን ደብዳቤን አይጥልም። ስፓምአሳሲን ለየምልክቱ ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ በተለመደው አሠራር 5 ሲሞላ ስፓም ይለዋል። ለማሳያ ያህል እኔ በመደብኳቸው ነጥቦች የዕድሩን ጥሪ እናስላ፦ ለምስሉ 1.8፣ ለአጭሩ ሊንክ 1.5፣ ለተቆለፈው ዚፕ 1፣ የዕድሩ አድራሻ የላኪነት ማረጋገጫ ስለሌለው 1.2። ድምሩ 5.5 ነው። ጥሪው በጽሑፍ ቢሆን ኖሮ 3.7 ይሆንና ያልፍ ነበር። ከልጇ ፎቶግራፍ ብቻ የሚደርሳት እናትም ኢሜይሉን ያለ ችግር የምታገኘው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ላኪው የታወቀ ነው፣ ሌላ የሚያስጠረጥር ነገርም የለም።

እንደ ጂሜይል ያሉት ትልልቅ አገልግሎቶች ነጥባቸውን አይገልጹም፤ የተጠቃሚዎችን አቤቱታም ይቆጥራሉ። ጂሜይል ከየካቲት 2024 ጀምሮ በቀን ከ5,000 በላይ ኢሜይል ወደ ተጠቃሚዎቹ የሚልኩ ሁሉ ማንነታቸውን እንዲያረጋግጡ፣ ስፓም ነው የሚላቸው ተቀባይም 0.3 በመቶ እንዳይደርስ ጠይቋል። ዕድር ያን ያህል አይልክም፤ ማረጋገጫው ግን ለትንሹም ይጠቅማል።

ችግሩ የት እንዳለ ለማወቅ ጸሐፊው ለራሱ የጂሜይል አድራሻ ይላክና በኮምፒውተር ከፍቶ ከሦስቱ ነጠብጣቦች `Show original` የሚለውን ይምረጥ። `SPF`፣ `DKIM` እና `DMARC` ከሚሉት ፊት `PASS` ካልተጻፈ የዕድሩን ድረ ገጽ የሚያስተዳድረው ባለሙያ መጀመሪያ የሚያስተካክለው ይህን ነው። ከዚያ ቀኑን፣ ሰዓቱንና አዳራሹን በአማርኛ ኢሜይሉ ላይ ይጻፈው፤ ፖስተሩ ከሥር በትንሹ ይከተል። ሊንኩ አንድ፣ ሳይታጠር፣ ወደ ዕድሩ ገጽ የሚወስድ ይሁን፤ ሪፖርቱንም አባላት በየራሳቸው መግቢያ እዚያው ገጽ ላይ ያንብቡት። አባላትም ስፓም ሳጥናችሁን አልፎ አልፎ ክፈቱ፤ የዕድራችሁን ኢሜይል እዚያ ካገኛችሁት `Not spam` የሚለውን ተጫኑ፤ አድራሻውንም መዝግቡት።