«ደግሜ ስሞክር ሠራ»

ፓስወርዱን የረሳ ሰው የሚያደርገውን ሁላችንም እናውቀዋለን። «ፓስወርድ ረሳሁ» የሚለውን ይነካል፣ ኢሜይል ይደርሰዋል፣ በኢሜይሉ ውስጥ ያለውን ሊንክ ሲጫን አዲስ ፓስወርድ የሚያስገባበት ገጽ ይከፈትለታል። እኔ የምተዳደረው ሶፍትዌር በመሞከር ነው። ከዓመታት በፊት በምሠራበት ድርጅት ይህ ሊንክ አንዳንድ ደንበኞችን እምቢ ይላቸው ጀመር። ሲጫኑት «ይህ ሊንክ ትክክል አይደለም ወይም ጊዜው አልፎበታል» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ስልክ የሚቀበሉት ባልደረቦቻችን «እስኪ አንዴ ደግመው ይጠይቁ» ይሏቸዋል። አብዛኞቹም ጥቂት ቆይተው «ደግሜ ስሞክር ሠራ» ብለው አመስግነው ይዘጋሉ።

እኔም ለዴቨሎፐሩ አንድ መስመር ጻፍኩለት፦ «የፓስወርድ መቀየሪያው ሊንክ አይሠራም።» ኮምፒውተሩ ላይ ሞከረው፣ ሠራለት፣ «እኔ ጋ ይሠራል» ብሎ ሪፖርቱን ዘጋው። ያን ጊዜ ቅር ብሎኝ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን የጻፍኩለት ቅሬታ እንጂ ሪፖርት አልነበረም። መቼ፣ በየትኛው ሊንክ፣ ከስንት ጊዜ ስንቴ እንደሚበላሽ አልነገርኩትም።

ስህተቱን ለመፈለግ ሊንኩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ደንበኛው ፓስወርድ ለመቀየር ሲጠይቅ ሰርቨሩ ማንም ሊገምተው የማይችል ረጅም ኮድ ያወጣል። ይህ ኮድ ቶክን ይባላል። ሰርቨሩ ቶክኑን ከሊንኩ ጫፍ ላይ ቀጥሎ በኢሜይል ይልከዋል፤ ደንበኛው ሊንኩን ሲጫን ተመልሶ የመጣውን ቶክን ከላከው ጋር ያመሳክራል። አንዲት ምልክት ከተለየች በሩ አይከፈትም። በእኛ ሲስተም ሊንኩ የሚያገለግለው ለ30 ደቂቃ ነው፤ አንዴ ከተሠራበት ወይም አዲስ ሊንክ ከተጠየቀ ደግሞ የቀድሞው ይሞታል።

ስለዚህ ሳይበላሽም «አልሠራ» ሊል የሚችልበት መንገድ ብዙ ነው። ደንበኛው ኢሜይሉን ዘግይቶ ከፍቶት ይሆናል። ሁለት ጊዜ ጠይቆ የመጀመሪያውን ሊንክ ተጭኖት ይሆናል። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ የሚደርሳቸውን ኢሜይል የሚፈትሽ ፕሮግራም አላቸው፤ ፕሮግራሙ ከባለቤቱ ቀድሞ ሊንኩን ሲከፍተው፣ በመከፈቱ ብቻ የሚሞት ሊንክ ከሆነ ያቃጥለዋል። ጽሑፉ ለሁሉም አንድ ነው፤ «ትክክል አይደለም ወይም ጊዜው አልፎበታል» የሚለው ቃል ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ አይለይም።

እነዚህን ሁሉ ለማስወገድ ለሙከራ ብቻ በተከፈተ አካውንት፣ ፍተሻ በሌለበት የኢሜይል ሳጥን፣ አንድ ሊንክ እጠይቃለሁ፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እጫነዋለሁ፤ ውጤቱን ጽፌ ሳልጨርስ ሌላ አልጠይቅም። እንዲህ እያልኩ 20 ሊንክ ሞከርኩ። 11ዱ ሠሩ፣ 9ኙ አልሠሩም። ሰዓቱም፣ ብራውዘሩም፣ አካውንቱም አንድ ነው። ከዚያ ሃያውንም ሊንኮች በሁለት ረድፍ ደርድሬ ማየት ጀመርኩ። ካልሠሩት መካከል አንዱ፣ ረጅሙን ቶክን አሳጥሬው፣ ይህን ይመስል ነበር፦

```
https://example.com/reset?token=q7Xk+9fTzB...
```

ዓይኔን የያዘችው የመደመር ምልክቷ ናት። ባልሠሩት ዘጠኙ ሊንኮች ውስጥ ቢያንስ አንድ `+` አለ። በሠሩት አሥራ አንዱ ውስጥ ግን አንድም የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ ቶክን 32 ባይት የዘፈቀደ ቁጥር ሲሆን ቤዝ 64 በሚባለው ዘዴ ወደ ፊደል ይለወጣል። ይህ ዘዴ 64 ምልክቶች አሉት፤ 26 ትልልቅና 26 ትናንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ 10 አኃዞች፣ በተጨማሪም `+` እና `/`። በሊንክ ውስጥ ግን ከጥያቄ ምልክት በኋላ የሚመጣ `+` ሌላ ትርጉም አለው። በድረ ገጽ ላይ ቅጽ ሲሞላ በቃላት መካከል ያለ ባዶ ቦታ በ`+` ተተክቶ የሚላክበት ቆየት ያለ ደንብ አለ። ስለዚህ ሰርቨሩ `+` ሲያይ ባዶ ቦታ መስሎት ይመልሰዋል። የላከው `q7Xk+9fTzB` ሲሆን የሚያነበው `q7Xk 9fTzB` ነው። ራሱ የላከውን ቶክን ራሱ አላውቀውም ይላል።

ዴቨሎፐሩ ጋ ለምን እንደሠራም ይኸው ያስረዳል። በዚህ ርዝመት በዕጣ የወጣ ቶክን ቢያንስ አንድ `+` የሚይዝበት ዕድል 48 በመቶ ገደማ ነው። አንዴ ሞክሮ መፍረድ እንደ ዘውድና ጎፈር ነው። ደንበኛውም ደግሞ ሲጠይቅ አዲስ ዕጣ ይወጣለታል፤ ለዚህ ነው ብዙዎቹ በሁለተኛው የተሳካላቸው። ከስምንት ወይም ከዘጠኝ ሰዎች አንዱ ግን ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ይወድቅበታል።

ግጥምጥሞሹ ብቻ ምክንያቱን አያረጋግጥም። ያልሠራ አንድ ሊንክ ሳይሞት ወስጄ፣ በብራውዘሩ የአድራሻ መስመር ላይ `+` ያለበትን ሁሉ `%2B` በሚለው ተካሁት። ይህ በሊንክ ውስጥ «እውነተኛ የመደመር ምልክት» የሚባልበት አጻጻፍ ነው። ገጹ ተከፈተ። ሁለተኛውን ሪፖርት የጻፍኩት ያን ጊዜ ነው፦

*ርዕስ፦ ቶክኑ `+` ሲኖረው የፓስወርድ መቀየሪያ ሊንክ አይከፈትም።*
*አካሄድ፦ በሙከራ አካውንት ሊንክ መጠየቅ፤ ቶክኑ `+` ከሌለው `+` ያለው እስኪመጣ እንደገና መጠየቅ፤ የመጨረሻውን ሊንክ ወዲያው መጫን።*
*የሚጠበቀው፦ የአዲስ ፓስወርድ ገጽ።*
*የሚታየው፦ «ትክክል አይደለም ወይም ጊዜው አልፎበታል»።*
*ብዛት፦ ከ20 ሊንክ 9። ዘጠኙም `+` አላቸው፤ የሠሩት የላቸውም።*
*ተጨማሪ፦ `+` በ`%2B` ሲተካ ያው ሊንክ ይከፈታል።*

የደንበኛ ሊንክ አላያያዝኩበትም። ጊዜው ያላለፈ ሊንክ የአካውንቱ ቁልፍ ስለሆነ፣ ሪፖርቱን የሚያነብ ሁሉ ሊገባበት ይችላል።

ዴቨሎፐሩ ከምሳ በፊት ደውሎ «አገኘሁት፣ እኔ ጋም ወደቀ» አለኝ። ማስተካከያው አንድ መስመር ነበር። ሰርቨሩ የመጣውን ባዶ ቦታ መልሶ `+` እንዲያደርገው ማድረግ ይቻል ነበር፤ ግን ይህ የተበላሸውን ሊንክ እንደተበላሸ መላክ ነው። እሱ የመረጠው ለሊንክ ተብሎ የተዘጋጀውን የቤዝ 64 ዓይነት ነው። በዚህ ዓይነት `+` እና `/` ፋንታ `-` እና `_` ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው አር.ኤፍ.ሲ. 4648 የተባለው የኢንተርኔት መስፈርት ይህን ዘርዝሮ አስቀምጦታል። ቀድመው የተላኩት ሊንኮች በ30 ደቂቃ ስለሚያበቁ የተለየ ሥራ አላስፈለጋቸውም።

ሪፖርቱን የመዝጋት ተራው የእኔ ነበር። አንዴ ሞክሬ «ሠራ» ብል ቀድሞ እሱ የሠራውን ስህተት መድገሜ ነው። ስለዚህ በአሮጌው ዘዴ ቢጻፍ `+` ይወጣበት የነበረ ቁጥር እንዲሰጠኝ ጠየቅሁት፤ ከዚያ የሚወጣውን ሊንክ ሞከርኩ። ቀጥዬም እንደ መጀመሪያው ሃያ ሊንክ አንድ በአንድ ጠየቅሁ። ሃያውም ተከፈቱ። ከሪፖርቱ ግርጌ «ከ20 ሊንክ 20» ብዬ ጽፌ ዘጋሁት።