ፓምፑ ቀጥ ሲል

ለሕክምና ተማሪዎች በየዓመቱ በቃል ፈተና ላይ የማነሳት አንዲት ጥያቄ አለች። «የነርቭ ሴል ውስጥ ቀጭን ኤሌክትሮድ ሰክተን −70 ሚሊቮልት አነበብን። ኦዋባይን ጨመርንበትና የሶዲየም-ፖታሲየም ፓምፑ ቀጥ አለ። ከአንድ ሰከንድ በኋላ ስንት እናነባለን?» ኦዋባይን ባዕድ ነገር አይደለም። እኛ ምረንዝ በምንለው ዛፍ ውስጥ ይገኛል፤ ስሙም ሶማሌዎች የፍላጻ መርዝን ከሚጠሩበት «ዋባዮ» የመጣ ነው።

አብዛኞቹ «ዜሮ» ይላሉ። ፓምፑ በአንድ ኤቲፒ ሦስት ሶዲየም አውጥቶ ሁለት ፖታሲየም ስለሚያስገባ በየዙሩ ውስጡ አንድ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይጎድለዋል፤ −70 ከዚያ መጣ ብለው ያስረዳሉ። አልፈርድባቸውም፤ ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን እኔም እንዲሁ እል ነበር። ቆጠራው ልክ ነው። ነገር ግን በዚህ መንገድ የሚገኘው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነ፣ ፓምፑ በቆመ በሰከንዱ ንባቡ ትንሽ ንቅንቅ ብሎ እዚያው አካባቢ ይቆያል።

ዋናው ሥራ የሚሠራው ሁልጊዜ ክፍት በሆኑት የፖታሲየም ቻናሎች ነው። ፖታሲየም በሴሉ ውስጥ 140፣ ውጭ ደግሞ 4 ሚሊሞል በሊትር ያህል ነው፤ ስለዚህ ወደ ውጭ ይሾልካል። አብረውት ያሉት ኔጌቲቭ ፕሮቲኖችና ፎስፌቶች በዚያ በር አያልፉም። ፖታሲየም በወጣ ቁጥር ውስጡ ኔጌቲቭ እየሆነ ይሄድና ተከታዩን ወደ ኋላ ይጎትታል። በሽፋኑ የሚያልፈው ፖታሲየም ብቻ ቢሆን ኖሮ ግፊቱና ጉተታው −95 ሚሊቮልት ላይ ይተካከሉ ነበር።

ለዚህ ስንት ፖታሲየም መውጣት አለበት? 20 ማይክሮሜትር ስፋት ላላት ድቡልቡል ሴል ከ50,000 አንዱ ያህል ይበቃል። ተማሪ ይህን በነገሩት አያምንም፤ ወረቀት ላይ ማስላት አለበት።

ከ−95 ወደ −70 የሚያነሳው በጥቂቱ ወደ ውስጥ የሚገባው ሶዲየም ነው። እንግዲህ «እረፍት» ብንለውም ሴሉ አያርፍም፤ ፖታሲየም ይወጣል፣ ሶዲየም ይገባል። ፓምፑ እነዚህን እየመለሰ የ140ና የ4ን ልዩነት ባይጠብቅ ቻናሎቹ የሚያሾልኩት ነገር ቀስ በቀስ ያልቅባቸዋል።

ባለፈው ፈተና አንዷ ተማሪ የአንድ ሰከንዱን በትክክል መለሰች። «ከአንድ ሰዓት በኋላስ?» አልኳት። አሰብ አድርጋ «መምህር፣ ሴሉ ምን ያህል ይወፍራል?» አለችኝ። መልሱ በውፍረቱ ላይ የተመካ ነውና ሙሉ ማርክ ሰጠኋት። በ1955 ሆጅኪንና ኬይንስ የስኩዊድን ወፍራም አክሰን መርዘው ፓምፑን ሲያዳክሙት የእረፍት ቮልቴጁ ብዙም አልተነካም፤ ነርቩም መልእክት ማስተላለፉን ቀጥሎ ነበር። የውስጡ ክምችት ከሽፋኑ ስፋት አንጻር ብዙ ነውና። የአንጎላችን ክሮች ግን እጅግ ቀጫጭን ናቸው። ደም ሲቋረጥና ኤቲፒ ሲያልቅ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ፖታሲየሙ ውጭ ይከማቻል፣ −70ውም ይናዳል።