የነጠላ ዘርፍ እንዴት ይቋጫል?

ነጠላ ከሸማኔው ሲወርድ ከጥበቡ ጫፍ ያልተሸመነ ድር ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሳይቋጭ ከታጠበ የዳር ማጉ እየሾለከ ይወጣል፤ ጥበቡም ይሳሳል።

ቋጪዋ ከዳር ጀምራ ጥቂት ድር ትቆጥርና እኩል ለሁለት ትከፍለዋለች። ሁለቱንም ለየብቻ ወደ ቀኝ አጥብቃ ታከራለች፤ ከዚያ አጋጥማ ወደ ግራ ትገምዳቸዋለች። ምስጢሩ ይሄ ነው፤ እያንዳንዱ ክር ልፍታ ሲል ሌላውን ያጠብቀዋል። ሁለቱም ዙር ወደ አንድ አቅጣጫ ከሆነ ግን ሲለቀቅ ይበተናል።

ጫፉን ስትቋጥር ከቋጠሮው በታች ትንሽ ክር ትተዋለች፤ አስጠግታ ከቆረጠችው በመጀመሪያው እጥበት ሾልኮ ይፈታል። ጎበዝ ቋጪ የምትታወቀው ግን ቋጠሮዎቿ ከዳር እስከ ዳር በአንድ መስመር ሲውሉ ነው።