ናይሮቢ ላይ ጎማ ሲታሰር

አዲስ አበባ ውስጥ ያለቦታው የቆመ መኪና ሰሌዳው ሊፈታ ይችላል። ናይሮቢ ላይ ግን የሚያዘው ጎማው ነው። የከተማው ሰው «ካንጆ» የሚላቸው የካውንቲው ደንብ አስከባሪዎች ክላምፑን ይቆልፉና ወደ ቀጣዩ መኪና ያልፋሉ። ሥልጣኑም የእነሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ2010ሩ የኬንያ ሕገ መንግሥት የትራፊክና የመኪና ማቆሚያ ጉዳይን ለካውንቲዎች ሰጥቷል።

መሣሪያውን የፈለሰፈው ፍራንክ ማረግ የተባለ አሜሪካዊ ነው። የዴንቨር ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1955 ሥራ ላይ አዋለው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንዱ መንጋጋ ጎማውን ከውስጥ፣ ሌላው ከውጭ ይይዘዋል። ፊት ለፊት ያለው ሰፊ ብረት ደግሞ የቸርኬውን ብሎኖች ይሸፍናል፤ ጎማውን ፈትቶ በመለዋወጫው መተካት እንዳይቻል ማለት ነው። በዚያ ሁኔታ ሞተር አስነስቶ ለመሄድ የሞከረ ሰው ጎማውንና ፓራፋንጎውን ያበላሻል። ብረቱን በመጋዝ የቆረጠም የመንግሥት ንብረት በማበላሸት ሊከሰስ ይችላል።

ጎማ የሚታሰረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ያለቦታው መቆም ነው፦ እግረኛ መንገድ ላይ፣ ዜብራ ላይ፣ ከቆመ መኪና ጎን ተደርቦ። እዚህ ላይ የማቆሚያ ክፍያ መፈጸም አያድንም። ሁለተኛው የተፈቀደ ቦታ ላይ ቆሞ አለመክፈል ነው። ካውንቲው እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የፋይናንስ ሕግ መሠረት በመሐል ከተማ የአንድ አነስተኛ መኪና የቀን ክፍያ 300 ሽልንግ ነው። ክፍያው በስልክ *235# በመደወል ይፈጸማል። ተቆጣጣሪው መስታወት ላይ ወረቀት አይፈልግም፤ የሚያየው የሰሌዳ ቁጥሩ ሲስተሙ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ሹፌር ጠዋት ኪማቲ ጎዳና ላይ መኪናውን አቆመ እንበል። የኬንያ ሰሌዳ ሦስት ፊደል፣ ሦስት ቁጥርና መጨረሻ ላይ አንድ ፊደል አለው። ሹፌሩ ሲቸኩል የመጨረሻዋን ፊደል ተሳስቶ አስገባ። ገንዘቡ ከኤም-ፔሳው ተቀነሰ፣ መልእክቱም ደረሰው። ክፍያው የተመዘገበው ግን በሌላ ሰሌዳ ነው። እኩለ ቀን ላይ ሲመለስ ጎማው ታስሯል።

መጀመሪያ ማድረግ ያለበት የክፍያ መልእክቱን ከፍቶ ሰሌዳውንና ሰዓቱን ማየት ነው። ሰሌዳው ትክክል ከሆነና የተከፈለው ጎማው ከመታሰሩ በፊት ከሆነ ያንን አሳይቶ መከራከር ይችላል። ሰሌዳው ከተሳሳተ ወይም የከፈለው ክላምፑን ካየ በኋላ ከሆነ ሙግቱ አያዋጣም። ያለው አማራጭ የቀኑን ክፍያና የማስፈቻውን ቅጣት መክፈል፣ ከዚያም ቁልፉን የያዙት ሰዎች እስኪመጡ መጠበቅ ነው። ቅጣቱ ከቀኑ ክፍያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የሚከፈለው ግን በካውንቲው የክፍያ መንገድ ብቻ ነው። «ጥሬ ገንዘብ ስጠኝና ልፍታልህ» የሚል ሰው ዩኒፎርም ቢለብስም ደረሰኝ አይሰጥም፤ ሲስተሙ ውስጥም ዕዳው እንዳለ ይቆያል።

ሳይከፈል የቆየ ወይም መንገድ የዘጋ መኪና በክሬን ተነሥቶ ወደ ካውንቲው ግቢ ይሄዳል። ያኔ በቅጣቱ ላይ የመጎተቻው ሂሳብና በየቀኑ የሚቆጠር የማቆያ ኪራይ ይደመራል። መኪናውን ያጣ ሰው ተሰርቋል ብሎ ከመደንገጡ በፊት በአካባቢው ያሉትን የማቆሚያ ተቆጣጣሪዎች ይጠይቅ። እነሱ ካላወቁ ወደ ሲቲ ሆል ይሂድ። መንገድ ዘግቷል ብሎ ያነሣው የትራፊክ ፖሊስ ከሆነ ደግሞ የሚጠየቀው በአቅራቢያው ያለ ፖሊስ ጣቢያ ነው። ለማስወጣት መታወቂያ ወይም ፓስፖርት፣ የክፍያ ደረሰኝና ሎግቡክ፣ ማለትም የእኛን ሊብሬ የመሰለውን ሰነድ፣ ይዞ መሄድ ይገባል። መኪናው በሌላ ሰው ስም ከሆነ የባለቤቱ የውክልና ደብዳቤም ያስፈልጋል።

ግቢው ውስጥ መኪናውን ተቀብሎ ከመፈረም በፊት መመርመር ይገባል። ናይሮቢ ውስጥ የሚነዱት አብዛኞቹ መኪኖች ከጃፓን ያገለገሉ ሆነው የገቡ አውቶማቲኮች ናቸው። ኃይሉን የፊት ጎማ የሚያገኝ አውቶማቲክ መኪና ከኋላው ተንጠልጥሎ በፊት ጎማው ከተጎተተ ካምቢዮው ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ፓራውልቱንና ቸርኬውን ፎቶ ማንሣት፣ ሞተሩን አስነሥቶ እዚያው ግቢ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ ማንቀሳቀስ፣ ጉዳት ካለም ሳይወጡ በጽሑፍ ማስያዝ ያስፈልጋል። አንዴ ከበሩ ከወጣ በኋላ ጉዳቱ የደረሰው ሲጎተት መሆኑን ማስረዳት አስቸጋሪ ነው።

ከመኪናው ሳይርቁ መክፈል፣ የደረሰውን መልእክት ከሰሌዳው ጋር ፊደል በፊደል ማመሳከር፣ ጎማው ከታሰረም ክሬኑ ሳይመጣ በዚያው ቀን ማስፈታት ከሁሉም ይረክሳል።